ቃሉ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ ሲሳሳት፦ ከንግግር ጥቅስ ቆርጦ ካሩሰል ስለመሥራት

ጥያቄ፦ «ከአንድ የአርባ ደቂቃ ንግግር ጠንካራ ጠንካራ አባባሎችን መርጬ ካሩሰል የሚባለውን ባለብዙ ስላይድ ፖስት ሠራሁ። ተናጋሪው አይቶ ‹እኔ እንዲህ አላልኩም› አለኝ። እኔ ግን ቃል በቃል ነው የወሰድኩት፤ ቅጂው አለኝ። አሁን ሌላ ንግግር ይዣለሁ። አጭር ማብራሪያ እየጨመርኩ፣ ትርጉሙም ሳይዛባ እንዴት ልሥራው?»

ምላሽ፦

ሁለታችሁም እውነት ሊኖራችሁ ይችላል። ቃሉ የተናጋሪው ነው፤ የቆረጡበት ቦታ ግን የእርስዎ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የማየው አብዛኛው መዛባት ከተጨመረ ቃል የሚመጣ አይደለም። የሚመጣው መቀሱ ካረፈበት ቦታ ነው።

አንድ ሰው መድረክ ላይ ሆኖ የሚናገረው ሐሳብ ሦስት ነገር ተሸክሞ ይወጣል፦ ሐሳቡ የማን እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ እንደሚሠራና ተናጋሪው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ። በአማርኛ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ነው። ግሳችን መጨረሻ ስለሚመጣ «ይላሉ»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ብዬ አስብ ነበር» የሚሉት ሁሉ ከኋላ ይከተላሉ። ጥቅስ የሚመርጥ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ደግሞ ፊት ለፊት ባለው ጠንካራ ክፍል ላይ ነው። «ስልጠና ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አለቆች አጋጥመውኛል» ካለ ሰው ላይ የመጀመሪያዎቹን አራት ቃላት ቢቆርጡ፣ ያልተናገረው አንድም ቃል የለበትም፤ ነገር ግን ሊተቸው ያነሳውን ሐሳብ በስሙ አተሙለት ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አንድ ወጥመድ አለ። የሌላን ሰው ንግግር ስንተርክ «እኔ»ን እንደ «እኔ» እንተወዋለን። «አልችልም አለኝ» እንላለን፤ አልችልም ያለው ሌላ ሰው ነው፣ ግሱ ግን በአንደኛ መደብ ይቆማል። ተናጋሪው መድረክ ላይ ሆኖ ሲተርክ ድምፁን ይቀይራል፣ እጁን ያወራጫል፣ አድማጭም ማን እያወራ እንደሆነ ይገባዋል። ጽሑፍ ላይ ድምፁም እጁም የሉም። ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። አንዲት ተናጋሪ ስለ ሠራተኞቿ ስትተርክ «ለውጥ አልፈልግም፣ ደመወዜን ብቻ ስጠኝ፣ ይለኛል አንዱ» አለች። የጽሑፍ ቅጂውን ያወጣው ሰው «ይለኛል አንዱ»ን ወደ ቀጣዩ መስመር አውርዶታል። እኔም ቀረጻውን ሳላዳምጥ፣ ከጽሑፉ ብቻ «ለውጥ አልፈልግም፣ ደመወዜን ብቻ ስጠኝ» የሚለውን ከፎቶዋ ጎን አስቀመጥኩት። በማግስቱ ደወለች። አልተቆጣችም፤ «ሰዎቼ አይተውታል» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከጽሑፍ ቅጂ ብቻ ጥቅስ አውጥቼ አላውቅም። ቅጂው ቦታውን ለማግኘት ይጠቅማል፤ ጥቅሱን የማጸድቀው ግን በጆሮዬ ነው። ደቂቃውንና ሰከንዱን እመዘግባለሁ፣ ከጥቅሱ አንድ ደቂቃ በፊት ጀምሬ አንድ ደቂቃ እስኪያልፈው አዳምጣለሁ። ጥያቄና መልስ ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን ጨምሮ።

አሁን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሥራ። የሚከተለውን አንቀጽ ለማሳያ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ አንዲት መምህርት በንግግሯ መሃል የምትለው ይመስል ያንብቡት።

«የቤት ሥራ ልጅን አያስተምርም ይሉኛል ወላጆች። እውነት አላቸው፣ ግን ግማሹን ነው። ስህተቱን አብረን ያላየነው የቤት ሥራ ልጅን አያስተምርም። እኔ ራሴ ለዓመታት የሰጠሁት እንደዚያ ዓይነቱን ነው። ደብተር እሰበስባለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ እመልሳለሁ፤ በቃ። አሁን ከአምስት ጥያቄ በላይ አልሰጥም፤ አምስቱን ግን በማግስቱ አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን። ይሄ የሚሠራልኝ ሠላሳ ልጅ ባለበት ክፍል ነው። ስልሳ ቢሆኑ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው «የቤት ሥራ ልጅን አያስተምርም» ነው። አጭር ነው፣ ያከራክራል፣ ሰው ይጋራዋል። የወላጆች ቃል ግን ነው፤ እሷ ግማሹን ብቻ ነው የተቀበለችው። ስለዚህ ይወድቃል። ማብራሪያ ጨምሮ ማትረፍ ይቻል ነበር ወይ ቢሉኝ፣ አይቻልም እላለሁ። በትልቁ የተጻፈውን ሐሳብ በትንሹ የሚያፈርስ ስላይድ ተነቦ የሚታወሰው በትልቁ ነው። ማብራሪያ ጥቅሱን ሊያጠብ፣ ሊያስረዳ፣ ቦታ ሊያሲዝ ይችላል፤ ሊገለብጠው ግን አይችልም። ጥቅሱን ለማስተካከል «ይሁን እንጂ» የሚል ማብራሪያ መጻፍ ካስፈለገዎ፣ የመረጡት ጥቅስ ትክክለኛው አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ዕጩ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ስህተቱን አብረን ያላየነው የቤት ሥራ ልጅን አያስተምርም።» ይሄ የራሷ ነው፣ ሁኔታውም በውስጡ አለ፤ «ስህተቱን አብረን ያላየነው» የሚለው ቅጽል ከስሙ ተጣብቆ ስለሚሄድ ማንም ሳያበላሸው ሊነጥለው አይችልም። እንዲህ ዓይነቱን ጥቅስ ይፈልጉ። ጥንካሬው ከመጀመሪያው ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ማብራሪያ ሳይኖረው እንኳ ብቻውን ቢዘዋወር አያሳስብም።

ሦስተኛው ዕጩ «ከአምስት ጥያቄ በላይ አልሰጥም» ነው፤ ቁጥር ስላለበት ይማርካል። ብቻውን ሲቆም ግን ቤት ሥራ ቀንሱ የሚል ምክር ይሆናል፤ የእሷ ነጥብ ደግሞ ማነሱ ሳይሆን በማግስቱ አብሮ መታየቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ክፍል በአንድ ስላይድ ላይ መግባት አለበት። ይህም ሆኖ አንድ ነገር ይጎድላል። ሠላሳ ልጅ። ያንን መስመር ሁሉም ሰው ይጥለዋል፣ ምክንያቱም አያምርም፤ «አላውቅም» ብሎ የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር ማን ስላይድ ላይ ያወጣል? ያ መስመር ግን የሐሳቡ አጥር ነው። ስልሳ ተማሪ ያለው መምህር ስላይዱን አይቶ «ይቺ ሴትዮ ክፍል ገብታ አታውቅም» እንዲል የሚያደርገው የዚያ መስመር መውደቅ ነው። እኔ ብሆን ስላይዱን እንዲህ አደርገዋለሁ። ከላይ በትንሹ ማብራሪያው፦

ሠላሳ ተማሪ ባለው ክፍላቸው ስለሚሰጡት የቤት ሥራ ሲናገሩ፦

ከሥሩ በትልቁ ጥቅሱ፦

«አሁን ከአምስት ጥያቄ በላይ አልሰጥም፤ አምስቱን ግን በማግስቱ አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።»

ማብራሪያው ከስምንት ቃል አይበልጥም፤ ጥቅሱ ግን አሁን በሚሠራበት ቦታ ውስጥ ተቀምጧል። «አላውቅም» ያሉትንም ከተቻለ ራሱን የቻለ ስላይድ ባደርገው ደስ ይለኛል። የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይቶ የሚናገር ሰው ጥቅስ አንባቢ ዘንድ እምነት ሲያተርፍ አይቻለሁ።

ማብራሪያውን ከላይ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ማብራሪያውን በሚቀጥለው ስላይድ ወይም ከፖስቱ ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ ያደርገዋል። ስላይድ ግን ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚጓዝ ነገር ነው። አንባቢ ስክሪንሾት አንስቶ አንዱን ብቻ ይልካል። ከሥር ያለው ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር ወይም ሁለት በኋላ ታጥፎ ይደበቃል። ኢንስታግራም ደግሞ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ስላይድ አይቶ ካለፈ፣ ያንኑ ፖስት በኋላ ሲያሳየው አንዳንድ ጊዜ ከሁለተኛው ይጀምርለታል። ስለዚህ «በስላይድ ሁለት ያለውን በስላይድ ሦስት አስተካክለዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ስላይድ ብቻውን ቢገኝ እውነት መሆን አለበት፤ የተናጋሪው ስም፣ ንግግሩ የተደረገበት አጋጣሚና ዓመቱም በእያንዳንዱ ግርጌ በትንሹ ይድገሙ። ከጥቅሱ በላይ ያለ ማብራሪያ ሌላም ጥቅም አለው፦ አንባቢ ጥቅሱን ሳያነብ በፊት ያገኘዋል። ከሥር ከሆነ አንባቢው አንዴ ተረድቶ፣ ምናልባትም ተቆጥቶ፣ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚደርስበት።

ስለ መጠን ብዙ አልልም። 1080 በ1350 ፒክስል በሆነ ስላይድ ላይ የአማርኛ ጥቅስ ከሃያ ቃል ካለፈ ፊደሉ ስልክ ላይ ያንሳል፤ ማብራሪያውን ከአሥራ ሁለት ቃል አላሳልፍም። ጥቅሱ ካልገባልዎ ፊደሉን ከማሳነስ ወይም ጥቅሱን ከመቆራረጥ ይልቅ ለሁለት ተከታታይ ስላይድ መክፈል ይመስላል መፍትሔው፤ ግን አይደለም፣ አንዱ ብቻውን ይሄዳልና። ሌላ ጥቅስ ይምረጡ።

ማብራሪያው የእርስዎ ቃል፣ ጥቅሱ የተናጋሪው ቃል እንደሆነ በአንድ እይታ መለየት አለበት። ትእምርተ ጥቅስ («») ውስጥ የሚገባው ተናጋሪው በአፉ ያወጣው ብቻ ይሁን። ጨምቀው የጻፉትን ሐሳብ፣ ርእስ ያደረጉትን ሐረግ፣ እርስዎ የተረጎሙትን አጭር መልእክት እዚያ ውስጥ አያስገቡ። ንግግሩ በሌላ ቋንቋ ከነበረ «ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ» ብለው ስላይዱ ላይ ይጻፉ።

የማብራሪያው ግስ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይሳሳታል። «አመኑ» ሲሉ የተደበቀ ነገር እንደነበር እየነገሩ ነው። «አስጠነቀቁ» ሲሉ አደጋ ጨመሩ። «ወረፉ»፣ «አፋጠጡ»፣ «በቁጭት ገለጹ» ሁሉም ፍርድ ናቸው። «አሉ» እና «ተናገሩ» ደረቅ ይመስላሉ፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ግን ያ ድርቀት ነው። ማብራሪያ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ስለ ምን እያወሩ ነበር? ማን ጠይቋቸው ነው? «እሱ»፣ «ያ ነገር»፣ «እነዚያ» ያሉት ምንን ነው? ከእነዚህ ውስጥ ጥቅሱ ራሱ ያልመለሰውን ብቻ ይመልሱ። አንባቢ ምን እንዲሰማው የሚነግር ማብራሪያ አያስፈልግም። ፎቶውም እንደ ግስ ነው፤ በመናገር ላይ ያለ ሰው ፊት ቀረጻ በየትኛውም ሰከንድ ቢቆም የተቆጣ ወይም የሰለቸ ሊመስል ስለሚችል፣ ጥቅሱ ከተነገረበት ደቂቃ አካባቢ የተወሰደ ረጋ ያለ ፊት ይምረጡ።

አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ስለሚሸሽግ ቅንፍ ሊያስፈልግዎ ይችላል። «ሁለቴ ጠየቅናቸው፣ አልመጡም» ቢል ተናጋሪው፣ እነማን? «ሁለቴ [ወላጆቹን] ጠየቅናቸው፣ አልመጡም» ብለው ይጨምሩ። በማዕዘን ቅንፍ የገባ ቃል የእርስዎ እንደሆነ አንባቢ ይረዳል። በአንድ ጥቅስ ውስጥ ሁለት ቅንፍ ካስፈለገ ግን ሥራውን ለማብራሪያው መስመር ይስጡት።

ሦስቱ ነጥብ (…) ከቅንፍ የበለጠ ያሳስበኛል። መሃል ላይ የወጣ ሐረግን ለማመልከት ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን በስድስተኛው ደቂቃ የተነገረን ዓረፍተ ነገር በሠላሳኛው ደቂቃ ከተነገረ ጋር ሲያገናኙበት፣ ተናጋሪው አገናኝቶት የማያውቀውን ምክንያትና ውጤት እርስዎ ፈጠሩ። የምጠብቀው ደንብ ቀላል ነው፦ በነጥቦቹ የተዘለለው ነገር መሃል ላይ ሌላ ሐሳብ ከጀመረ፣ ሁለት ጥቅስ ነው፤ ሁለት ስላይድ ይሁን። «ግን»፣ «ቢሆንም»፣ «ካልሆነ» የሚሉ ቃላት ደግሞ በነጥብ ሥር ፈጽሞ አይገቡም።

መድረክ ላይ የሚወጣ «እእእ…»፣ ተደጋግሞ የተጀመረ ቃል፣ ተናጋሪው ራሱ ያረመው ስህተት ሊወጣ ይችላል፤ በጽሑፍ ሲታይ ሰውየውን ከነበረበት በታች ያደርገዋል። ነገር ግን በዚሁ ጽዳት ውስጥ «ምናልባት»፣ «በእኔ እይታ»፣ «አንዳንዴ»፣ «አብዛኛው» አብረው ተጠርገው ይወጣሉ። እነዚህ ቆሻሻ አይደሉም። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ሎርድ አክተን እ.ኤ.አ. በ1887፣ በኋላ ጳጳስ ለሆነው ለክሬይተን በጻፈው ደብዳቤ ያለው ሥልጣን የማባለግ ዝንባሌ አለው፣ ፍጹም ሥልጣንም ፍጹም በሆነ መልኩ ያባልጋል የሚል ነበር። ዛሬ በየቦታው የሚዘዋወረው «ሥልጣን ያባልጋል» የሚለው ነው። «ዝንባሌ አለው» ስትወጣ ሰውየው በተራው ሥልጣንና ገደብ በሌለው ሥልጣን መካከል ያስቀመጠው ልዩነት አብሮ ጠፋ፤ የአረፍተ ነገሩ ሁለት ክንፍ አንድ ሆነ። አንድ ሐረግ ናት የወጣችው። ስላይድዎ ላይ መስመሩ አልገባ ሲልዎት መጀመሪያ ለመቁረጥ የሚያምሩት እንዲህ ያሉት ቃላት ናቸውና፣ ከመቁረጥዎ በፊት ቆም ይበሉ።

ስለ ቅደም ተከተልም አንድ ነገር። ጠንካራውን ጥቅስ ከፊት ማምጣት የተለመደ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ተናጋሪው ግን ጥያቄ አንስቶ፣ ተጠራጥሮ፣ ከዚያ መደምደሚያ ላይ የደረሰ ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ሲገለብጡ ጥርጣሬው ከመደምደሚያው በኋላ ይመጣና ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል። የሽፋኑ ስላይድ ነጻ ነው፤ ከውስጥ ያሉትን ግን በተነገሩበት ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። አርባ ደቂቃ ለወሰደ ንግግር ስድስት ወይም ሰባት ጥቅስ ይበቃኛል። ጭብጨባ ያገኙትን ብቻ ከመረጡ ደግሞ ቀልዱንና ቁጣውን ይዘው ዋናውን ጉዳይ ሊተዉት ይችላሉ፤ ንግግሩ በዋናነት ስለ ምን እንደነበር የሚናገር ቢያንስ አንድ ስላይድ ይኑር፣ ባይደምቅም።

ከመለጠፍዎ በፊት ንግግሩን ያልሰማ አንድ ሰው ይፈልጉ። ስላይዶቹን እያደባለቁ አንድ በአንድ ያሳዩትና «ይህ ሰው ምን የሚያምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። ስለ ዲዛይኑ አይጠይቁት። ከዚያ የነገረዎትን ይዘው ለራስዎ ይመልሱ፦ ተናጋሪው ይህን ቢሰማ «አዎ» ይል ነበር? በቤት ሥራው ምሳሌ ላይ ሰውየው «ቤት ሥራ ትቃወማለች» ካለዎት ስላይዱ ወድቋል፣ ቃሉ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን። «አብሮ መታረም አለበት ትላለች» ካለ አልፏል። ለተናጋሪውም ይላኩ፤ ሲልኩ ግን «ወደዱት?» ሳይሆን «ያሉት ይህን ነው?» ብለው። የመጀመሪያውን ከጠየቁ የተናገሩትን አሳምረው ይመልሱልዎታል፣ ያኔ ደግሞ ጥቅስ መሆኑ ይቀራል።

ተናጋሪው ቅር ስላለበት የቀድሞው ካሩሰል ደግሞ፦ ከተለጠፈ በኋላ ምስሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማረም አይቻልም። ኢንስታግራም ላይ ከሆነ ግን በማስተካከያው ገብተው ያንኑ አንዱን ስላይድ ብቻ ማጥፋት ይችላሉ። ያጥፉትና ከሥር ባለው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ፣ ሳይታጠፍ በሚታየው መስመር፣ የትኛው ጥቅስ እንደወጣና ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከዚያ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ከነጭራው ይዘው አዲስ ስላይድ ይሥሩ፣ ለተናጋሪው ያሳዩት፣ ለብቻው ይለጥፉት። የቀድሞውን ስክሪንሾት የያዙ ሰዎች አሉና፣ የሚልኩት ሌላ ነገር ሊኖራቸው ይገባል።